ተሰክቶ የማይሞላ ላፕቶፕ፦ ቻርጀርን፣ መሰኪያን፣ ባትሪንና ፈርምዌርን ለይቶ ማወቅ

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃል



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ የጥገና ሱቅ ነው። ሱቁ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ኡራኤል አቅጣጫ በሚያስገባ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነበር። «ነበር» ያልኩት በምክንያት ነው፤ የአሮጌው ካዛንቺስ ቤቶች በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ የሱቁ ባለቤትም ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ከዚያ በፊት ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያየሁት አንድ ጉዳይ ለዛሬው ርእሳችን ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጉዳዩ የአንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን በማጠናቀቅ ላይ ሳለች ላፕቶፗ ባትሪ መሙላት አቆመ። ቻርጀሩ ሲሰካ ማሽኑ ይሠራል፤ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ወዲያውኑ ይሞታል። አንድ ቀን ማታ መብራት ድንገት ሲሄድ ያላስቀመጠችው የግማሽ ቀን ሥራ አብሮ ሄደ። ወደ አንድ ባለሙያ ወሰደችው፤ «ቻርጀሩ ነው» ተባለች፤ በርካሽ የሚሸጥ ተመሳሳይ ቻርጀር ገዛች፤ ለውጥ የለም። ወደ ሌላ ወሰደችው፤ «ባትሪው ነው» ተባለች፤ አዲስ ባትሪ ገዛች። አዲሱ ባትሪ ከሱቅ ይዞት የመጣው ጥቂት ሙሌት ስለነበረ ለአንድ ቀን ተስፋ ሰጣት፤ እሱም ካለቀ በኋላ እንደ አሮጌው አልሞላ አለ። ሦስተኛው ባለሙያ «ማዘርቦርዱ መቀየር አለበት» አላት። የተጠየቀችው ዋጋ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ የሚችል ነበር። ወደ እኔ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስቱም ባለሙያዎች ዕቃ ከመቀየር በቀር ያደረጉት ነገር አልነበረም። አንዳቸውም አልጠየቁም። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ተሰክቶ የማይሞላ ላፕቶፕ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ጥያቄው በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከቀረበለት ከአራቱ ተጠርጣሪዎች ሦስቱን ብዙውን ጊዜ አንድ ብሎን ሳይፈታ ነጻ ያወጣቸዋል።

በመጀመሪያ የኤሌክትሪኩን መንገድ እንመልከት። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ቻርጀሩ ይህንን ዝቅ አድርጎ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ የተማሪዬ ማሽን የሚፈልገው 19.5 ቮልት ነበር። ኤሌክትሪኩ በመሰኪያው በኩል ወደ ማዘርቦርዱ ከገባ በኋላ ግን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ማሽኑን ያሠራል። ሁለተኛው ወደ ባትሪው ይሄዳል፤ በዚህኛው መንገድ ላይ ዘበኛ አለ። ዘበኛው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ፣ የራሱ ፈርምዌር ያለው አነስተኛ ተቆጣጣሪ ቺፕ ነው። ቻርጀሩ ማን እንደሆነ፣ ባትሪው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ ባለቤቱ ምን ገደብ እንዳስቀመጠ ካጣራ በኋላ ነው ወደ ባትሪው የሚወስደውን በር የሚከፍተው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማሽኑ ቻርጀር እንደተሰካ ያውቃል ወይስ አያውቅም? በዊንዶውስ ላይ የባትሪውን ምልክት ስንጫን `plugged in, not charging` የሚል ጽሑፍ ካየን፣ ኤሌክትሪኩ እስከ ማዘርቦርዱ ደርሷል ማለት ነው። ግድግዳው፣ ዲቫይደሩ፣ የቻርጀሩ ዋና ሽቦና የመሰኪያው ዋና መገናኛ በአብዛኛው ደኅና ናቸው፤ የተዘጋው የዘበኛው በር ነው። ምልክቱ ቻርጀር እንዳልተሰካ ሆኖ በባትሪ ብቻ እየሠራ መሆኑን ካሳየ ግን ችግሩ ከበሩ በፊት፣ በቻርጀሩ ወይም በመሰኪያው ላይ ነው። ይህች አንዲት መስመር ጉዳዩን ለሁለት ትከፍለዋለች። የተማሪዬ ማሽን ያለ ባትሪ እርዳታ ይሠራ ስለነበረ፣ እኛ ያለነው በመጀመሪያው ወገን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ለቻርጀሩ የሚቀርብ ነው። የሱቁ ባለቤት ቴስተራቸውን በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ 200 ቮልት መለኪያ ላይ አደረጉ። የ20 ቮልቱን መለኪያ መምረጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ 20 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚሰጥ ቻርጀር ሲገጥመው ቁጥር ሳያሳይ ይቀራልና ቻርጀሩ የሞተ ይመስላል። ከዚያም ቀዩን ጫፍ በክቡ መሰኪያ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ጥቁሩን በውጭው ላይ አሳረፉ። የመጀመሪያው ቻርጀር 19.5 ቮልት አሳየ። በርካሽ የተገዛውም ወደዚያው የተጠጋ ቁጥር አሳየ። ሰውየው ቴስተሩን አስቀምጠው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው» አሏት።

የሚሳሳተው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ቴስተር ቻርጀሩን የሚለካው ሸክም ሳይኖርበት ስለሆነ ነው። ያረጀ ቻርጀር ባዶውን 19.5 ቮልት አሳይቶ፣ ማሽኑ ሦስት አምፔር ሲጠይቀው ሊወድቅ ይችላል። ምልክቱም ይታያል፤ ቻርጀሩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ገመዱ ላፕቶፑ ላይ በተሰካበት ቅጽበት ትጠፋለች ወይም ብልጭ ድርግም ትላለች። መብራቷ በሁለተኛ ጤነኛ ላፕቶፕም ላይ እንዲሁ ካደረገች ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው፤ በአንዱ ላይ ብቻ ካደረገች ግን ጥፋቱ በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ አጭር ዙር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። የዴልና የኤችፒ ክብ መሰኪያዎችን አስተውላችሁ ካያችሁ መሐላቸው ላይ ቀጭን መርፌ ታያላችሁ። በዴል ቻርጀሮች ይህች መርፌ ኤሌክትሪክ አታመላልስም፤ መታወቂያ ታቀርባለች። ቻርጀሩ ውስጥ ያለ አነስተኛ ቺፕ «እኔ 65 ዋት ነኝ» ወይም «90 ዋት ነኝ» የሚለውን መረጃ በሦስተኛ ቀጭን ሽቦ ወደ ማሽኑ ይልካል። ማሽኑ ይህንን መረጃ ካላገኘ፣ ቻርጀሩ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል ስለማያውቅ ራሱን ይጠብቃል፤ ለሥራው የሚበቃውን ኤሌክትሪክ ይወስዳል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም። ሲነሣም በስክሪኑ ላይ እንዲህ ይጽፋል፦

```
The AC power adapter wattage and type cannot be determined.
```

ተማሪዬን ይህን ጽሑፍ አይታ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አዎ መምህር፣ ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ ይመጣል፤ አንድ ቁልፍ ስነካ ይጠፋል» አለችኝ። ማሽኑ ለሁለት ወር በየቀኑ ሕመሙን ሲናገር ኖሯል።

ጽሑፉ ግን ጥፋቱ የት እንደሆነ ሙሉ በሙሉ አይናገርም። መታወቂያው አልደረሰም የሚል ብቻ ነው። ያልደረሰው ከቻርጀሩ ስላልተላከ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተልኮ በመሰኪያው በር ላይ ስለቀረ ሊሆን ይችላል። ርካሹን ቻርጀር መግዛቷ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልሰጠውም ለዚህ ነው፤ እርሱ ከመጀመሪያውኑ መታወቂያ የሚያቀርብ ቺፕ አልነበረውም። በተበላሸ ቻርጀር ምትክ መታወቂያ የሌለው ቻርጀር ስትሞክርበት ውጤቱ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ አንድ ዓይነት መሆኑም ቻርጀሩን በስሕተት ነጻ ያወጣዋል፤ ጥርጣሬው ወደ ባትሪ፣ ከዚያም ወደ ማዘርቦርድ ይሻገራል። የተማሪዬ ገንዘብ የባከነው በዚህች አንዲት የተሳሳተ ሙከራ ላይ ነው።

ትክክለኛው ሙከራ ምንም ወጪ የለውም። ከጎረቤት ሱቅ፣ በሌላ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ላይ በዚያች ሰዓት ባትሪ እየሞላ የነበረ ቻርጀር ተዋስን። መሥራቱ የተረጋገጠ ቻርጀር ማለት ይህ ነው፤ አዲስ መሆኑ ወይም ቮልቱ ትክክል መሆኑ አይበቃም። ማሽኑን አጥፍተን፣ የተዋስነውን ሰክተን፣ ሲነሣ `F2` በመንካት ወደ ባዮስ ገባን። ከዚህ በፊት የቻርጀሩ ዓይነት አይታወቅም ይል የነበረው መስመር 65 ዋት የሚል ሆነ። ዊንዶውስ ሲከፈትም ባትሪው መሙላት ጀመረ።

ይህ አንድ ውጤት ምን ምን እንዳረጋገጠ ልብ በሉ። መታወቂያው በመሰኪያው በኩል አልፏል፤ ስለዚህ መሰኪያው ደኅና ነው። ባትሪው ተቀብሏል፤ ስለዚህ ባትሪው ደኅና ነው። ዘበኛው በሩን ከፍቷል፤ ስለዚህ ፈርምዌሩና ማዘርቦርዱ ደኅና ናቸው። የቀረው የመጀመሪያው ቻርጀር ብቻ ነው። የሱቁ ባለቤት የገመዱን አንገት፣ ማለትም ወደ መሰኪያው የሚገባበትንና ዘወትር የሚታጠፈውን ቦታ ላጡት። ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች ሙሉ ነበሩ፤ ቀጭኗ ሦስተኛ ሽቦ ተበጥሳለች። ቴስተሩ 19.5 ቮልት ማሳየቱ ትክክል ነበር፤ ቴስተሩ የሚጠይቀው ስለ ወፍራሞቹ ብቻ ነውና። ባለ ሦስት ሽቦ አዲስ ገመድ በየዳ ተገጠመለትና ጉዳዩ ተፈጸመ።

አሁን ውጤቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ ወዴት እንሄድ እንደነበር ልንገራችሁ፤ የእናንተ ላፕቶፕ የግድ የእርሷን መንገድ አይከተልምና።

የተረጋገጠው ቻርጀርም መታወቂያ ማድረስ ካቃተው፣ ወይም ገመዱ ሲነካካ ብቻ የሚሞላና የሚያቆም ከሆነ ጥርጣሬው ወደ መሰኪያው ይዞራል። የመሰኪያ ጉዳት ሦስት ምልክቶች አሉት፤ መላላት፣ መሞቅና የቀለም መለወጥ። ስለ ሙቀቱ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። የላላ መገናኛ 0.3 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጥርና 3 አምፔር ቢያልፍበት፦

```
3 × 3 × 0.3 = 2.7 W
```

2.7 ዋት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአተር በማይበልጥ ብረት ላይ ያለማቋረጥ ሲያርፍ ፕላስቲኩን ያጠቁራል፣ የብየዳውን እርሳስ ያደክማል፤ የደከመው ብየዳ ደግሞ ተቃውሞውን ይጨምራል። ስለዚህ መሰኪያን በወረቀት ወይም በክብደት ደግፎ መጠቀም ጉዳቱን ያፋጥነዋል። በብዙ ላፕቶፖች መሰኪያው ከማዘርቦርዱ ጋር በአጭር ገመድ የሚገናኝ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው፤ ያለ ብየዳ ይቀየራል። በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ሥራው የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ ላላቸው አዳዲስ ማሽኖች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእነርሱ ቻርጀር ሳይሰካ በቴስተር ቢለካ ምንም ቮልት ላያሳይ ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ቻርጀሩና ላፕቶፑ በመሰኪያው ትናንሽ እግሮች ተነጋግረው ሲስማሙ ነው በመጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 20 ቮልት የሚሰጠው። እዚህም መታወቂያው ከኤሌክትሪኩ ይቀድማል። አቧራ ወይም የልብስ ብናኝ አንዷን እግር ቢሸፍን ንግግሩ ይቋረጣል፤ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ብረት ባልሆነ ቀጭን እንጨት ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቻርጀሩ ታውቆ ባትሪው ግን አልሞላ ካለ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ለባትሪው ነው። ዊንዶውስ የባትሪውን የሕይወት ታሪክ ይይዛል። በትእዛዝ መስኮቱ ይህን መጻፍ ነው፦

```
powercfg /batteryreport
```

`battery-report.html` የሚባል ፋይል ይፈጠራል። በውስጡ `DESIGN CAPACITY` ባትሪው ሲወለድ የነበረውን አቅም፣ `FULL CHARGE CAPACITY` ዛሬ ሲሞላ የሚይዘውን ያሳያል። የተማሪዬን አሮጌ ባትሪ መልሰን ገጥመን ብናይ ሲወለድ 42,000፣ ዛሬ 29,400 ሚሊዋት ሰዓት ነበር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍል 70 በመቶ ይመጣል። ያ ባትሪ የሚጣል አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ አንድ ልዩነት አለ። ያረጀ ባትሪና የማይሞላ ባትሪ አንድ አይደሉም። ያረጀ ባትሪ ይሞላል፤ እንዲያውም አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ያልቃል። 60 በመቶ አሳይቶ በድንገት የሚጠፋም እርሱ ነው። ፈጽሞ አልሞላም የሚል ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሱ መከላከያ ቺፕ የዘጋው ነው፤ ከውስጡ ሕዋሳት አንዱ ለወራት ባዶ ተቀምጦ እጅግ ዝቅ ብሏል፣ ወይም ሙቀቱ ለመሙላት ከተፈቀደው ወሰን ወጥቷል። ሞቆ ከሆነ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሕዋሱ የወረደ ከሆነ መከላከያውን አልፎ በኃይል ለመሙላት መሞከር እሳት መጋበዝ ነው። ክዳኑን ወደ ላይ የገፋ፣ ያበጠ ባትሪ ደግሞ ምንም ምርመራ አይደረግበትም፤ አይጫንም፣ አይወጋም፣ ወዲያው ከማሽኑ ይወጣል።

አራተኛው ተጠርጣሪ ፈርምዌሩ ነው። በመጨረሻ ያቀረብኩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከእርሱ ስለሚጀምሩ ነው። የፈርምዌር ጉዳይ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ብልሽት አይደለም፤ የባትሪን ዕድሜ ለማርዘም በአምራቹ ፕሮግራም ወይም በባዮስ የተቀመጠ ገደብ ነው። መለያው ቁጥሩ ነው፤ ባትሪው ሁልጊዜ 60 ወይም 80 በመቶ ላይ ደርሶ በትክክል እዚያው የሚቆም ከሆነ፣ ማንም ባትሪ ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ብልሽት አይኖረውም፤ ገደቡን ፈልጋችሁ ማንሣት ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ሙሉ ባትሪ ይሻላል ወይስ ረጅም ዕድሜ የሚለው የባለቤቱ ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው መልክ የዘበኛው መደንዘዝ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሚፈጠር የቮልት መናወጥ በኋላ ተቆጣጣሪው ቺፕ በተሳሳተ ሁኔታ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ማሽኑን ማጥፋት፣ ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ የማስነሻ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ መልሶ መሰካት ነው። በዚህ የሚድን ጥፋት በእርግጥ የፈርምዌር ነበር። የባዮስ ማሻሻያን በተመለከተ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ማሽኖች ባትሪው ውስጥ የተወሰነ ሙሌት ከሌለ ማሻሻል እምቢ ይላሉ፤ ይህን ክልከላ በብልሃት ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ባትሪ በሌለው ማሽን ላይ ባዮስ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ የማይሞላ ላፕቶፕ የነበረው የማይነሣ ላፕቶፕ ይሆናል።

የዚህ ዘዴ ወሰንም አለ። የተረጋገጠ ቻርጀር ታውቆ፣ የተረጋገጠ ባትሪ ገብቶ፣ ገደብ ሳይኖር፣ ዳግም ማስነሣቱም ሳይረዳ ቀርቶ አሁንም የማይሞላ ማሽን ካጋጠማችሁ፣ ያን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የሙሌት ወረዳ ተጠርጣሪ ነው፤ ያ ከቤት የሚወጣና ጉልህ ማሳያና የብየዳ ሙያ ያለው ሰው የሚያየው ነው። ወደዚያ ፍርድ የሚደረሰው ግን በስተመጨረሻ ነው። በተማሪዬ ላይ የተፈረደው በሦስተኛው ሱቅ፣ አንድም ሙከራ ሳይደረግ ነበር።

ከሱቁ ስንወጣ ተማሪዬ በእጇ ሁለት ባትሪና ሁለት ቻርጀር ነበራት። አዲሱን ባትሪ ግማሽ ያህል ሞልታ ቀዝቃዛ ቦታ እንድታስቀምጠው፣ አሮጌው ሲደክም እንድትተካው ነገርኳት። ርካሹን ቻርጀር ምን ላድርገው ስትል የሱቁ ባለቤት ሳቁና «እሱንማ ለእኔ ተዪልኝ፤ መርፌ የማይጠይቁ ላፕቶፖችም አሉ፤ ቮልቱና አፉ ለሚስማማው እሸጥልሻለሁ» አሏት። ሸጡላትም።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁም ከመክፈታችን በፊት ሲነሣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚጽፍ በመጀመሪያ ንገሩኝ።